ቦርጭ ለማጥፋት፦ ሲት አፕ፣ ቀበቶ ወይስ የጅሬን አቀበት?

ጅማ ውስጥ እኔ ስፖርት የምሠራበት ጂም አንድ ሰው አለ። በየጠዋቱ ሆዱን በጥቁር ወፍራም ፌስታል ይጠቀልላል። ከላዩ ሹራብ፣ ከሹራቡ በላይ ጃኬት ይደርባል። ከዚያ ምንጣፉ ላይ ተጋድሞ ሲት አፕ ይጀምራል። ሲጨርስ ፌስታሉን ይፈታዋል፤ ላቡ ወለሉ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ሚዛን ላይ ይወጣና «ዛሬም አንድ ኪሎ ሄደ» ይለናል።

የሄደው ውሃ ነው። ከጂሙ ወጥቶ አንድ ሊትር ውሃ ሲጠጣ ኪሎው አብሮት ይመለሳል። ይህን ነግሬዋለሁ። «ታዲያ ለምን ሆዴን ብቻ ያልበኛል?» አለኝ። ፌስታሉ ያለው ሆዱ ላይ ስለሆነ ነዋ!

ሰውዬውን ለማማት አይደለም። ቦርጭ ለማጥፋት ገንዘብና ጊዜ የሚያወጣ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ አለው፦ ከዚህ ቦታ ብቻ እንዴት ላንሳው? ሴቶች ስለ ዳሌና ስለ ክንድ፣ ወንዶች ስለ ሆድ ይጠይቃሉ። አማራጮቹም ብዙ ናቸው። ሲት አፕ፣ ቀበቶ፣ የሚያንቀጠቅጥ ማሽን፣ ብረት ማንሳት፣ የእግር ጉዞ፣ ምግብ መቀነስ። ከነዚህ መሃል የመረጡትን ቦታ ለይቶ ስብ የሚያነሳ የለም። ስለዚህ ምርጫው «የትኛው ሆዴን ያቀልጣል?» በሚለው ሳይሆን እያንዳንዱ በእርግጥ በሚሰጠው ነገር ላይ መቆም አለበት።

ጡንቻው የሚበላው ከየት ነው?

የሆድ ስብና የሆድ ጡንቻ ጎረቤቶች ናቸው። ግን ጎረቤት ስለሆኑ ጓዳ አይጋሩም። ስቡን በቀጥታ ወደ ጡንቻው የሚያሻግር ቱቦ በመሃላቸው የለም።

ስብ በስብ ሴሎች ውስጥ የሚቀመጠው ትራይግሊሰራይድ በሚባል መልክ ነው። ጡንቻ ይህን እንዳለ ሊጠቀምበት አይችልም። መጀመሪያ ተሰባብሮ ፋቲ አሲድ መሆን አለበት። የመሰባበሩን ትእዛዝ የሚያደርሱት በደም የሚዞሩ ሆርሞኖች ናቸው፤ በተለይ አድሬናሊን። እናንተ ሲት አፕ ስትሠሩ አድሬናሊኑ የሚሄደው ወደ ሆድ ብቻ አይደለም። ደም በሚደርስበት ሁሉ ይደርሳል፤ ጀርባ፣ ክንድ፣ ፊት፣ ዳሌ። እዚያ ያሉት የስብ ሴሎች ትእዛዙን ሰምተው ፋቲ አሲድ ወደ ደም ይለቃሉ። ደሙ ወደ ልብ ይመለሳል፣ ልብ ይረጨዋል፣ የሚሠራው ጡንቻ ከሚያልፈው ደም ላይ ድርሻውን ይወስዳል። ፋቲ አሲዱ ከጀርባ ይምጣ ከታፋ ጡንቻው አይጠይቅም።

ግቢያችሁ ውስጥ ያለውን ሮቶ አስቡት። ቧንቧው የተገጠመው በስተግራ በኩል ነው። ቧንቧውን ስትከፍቱት የሮቶው ግራ ጎን ብቻ አይጎድልም፤ ውሃው በሙሉ ዝቅ ይላል። ኩሽና ቀዳችሁ መታጠቢያ ቤት፣ ለሮቶው ያው ነው።

ይህ ምሳሌ አንድ ቦታ ላይ ያነክሳል። ሮቶ በሁሉም ጎኑ እኩል ይጎድላል፤ ሰውነት ግን እኩል አይጎድልም። የስብ ሴሎች ላይ አድሬናሊኑን የሚቀበሉ ሁለት ዓይነት ተቀባዮች አሉ። አንዱ እንደ ነዳጅ መስጫ ነው፤ ስቡ እንዲለቀቅ ያደርጋል። ሌላው እንደ ፍሬን ነው፤ ይይዘዋል። የሴቶች ዳሌና ታፋ ላይ ፍሬኑ ይበዛል። አንዲት ሴት ስትቀንስ ፊቷና ደረቷ ቀድሞ የሚከሳው፣ ዳሌዋ የሚዘገየው ለዚህ ነው። ወንዶች ደግሞ ስብ የሚያከማቹት በብዛት ሆድ ላይ ነው፤ ሴቶችም ካረጡ በኋላ ወደዚያው ያዘነብላሉ። ተራውን የሚወስኑት ዘር፣ ፆታ፣ ዕድሜና ሆርሞን ናቸው። የመረጣችሁት ስፖርት በተራው ላይ ድምፅ የለውም ማለት ይቻላል።

ለመሆኑ የተለቀቀው ስብ የት ይሄዳል? ብዙ ሰው «በላብ» ይላል። «በሰገራ» የሚልም አለ። አብዛኛው የሚወጣው በአፍንጫና በአፍ ነው፤ በትንፋሽ። 10 ኪሎ ስብ ሙሉ በሙሉ ሲቃጠል 8.4 ኪሎው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይተነፈሳል፤ ቀሪው 1.6 ኪሎ ውሃ ይሆናል። የፌስታሉ ሰው ወለል ላይ ያየው ላብ ሰውነቱን ለማቀዝቀዝ የወጣ ውሃና ጨው ነው።

ተሞክሮ ታይቷል

ነገሩ በሰው ላይ ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ1971 አሜሪካ ውስጥ የቴኒስ ተጫዋቾችን ሁለት ክንድ ያነጻጸሩ ተመራማሪዎች ነበሩ። የቴኒስ ተጫዋች ለዓመታት የሚሠራው በአንድ እጁ ነው። ቦታ ለይቶ ማቃጠል የሚቻል ቢሆን ኖሮ ራኬት የሚይዘው ክንድ ላይ ስቡ መሳሳት ነበረበት። የሚጫወቱበት ክንድ ወፍራም ነበር፤ ግን በጡንቻ ነው። ከቆዳ ሥር ያለው ስብ ከሌላው ክንድ አልተለየም።

እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው ደግሞ የበለጠ ይገርመኛል። ሰዎች በ27 ቀን ውስጥ 5,004 ሲት አፕ እንዲሠሩ ተደረገ። ከዚያ በፊትና በኋላ ከሆድ፣ ከጀርባና ከመቀመጫ በመርፌ ስብ ተወስዶ የሴሎቹ መጠን ተለካ። ሴሎቹ ትንሽ አንሰዋል። ግን ሦስቱም ቦታ ላይ በተመሳሳይ መጠን ነው ያነሱት። ሆዱ አምስት ሺህ ጊዜ ተጨማትሮ ከመቀመጫው የተለየ ነገር አላገኘም።

ለሐቁ ስል ሌላውንም ልንገራችሁ። የሚሠራ ጡንቻ አጠገብ ያለ ስብ ውስጥ የደም ዝውውሩና የስቡ መለቀቅ በጥቂቱ እንደሚጨምር ያሳየ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ አነስተኛ ጥናትም የሆድ ስፖርት ከሩጫ ጋር የሠሩ ወንዶች ሩጫ ብቻ ከሠሩት ይልቅ ከመሃል አካላቸው ትንሽ የበለጠ ስብ እንዳጡ ጽፏል። ክርክሩ አልተዘጋም። ነገር ግን ልዩነቱ ቢኖር እንኳን ትንሽ ነው። በመስታወት ለማየት ብላችሁ የምትመርጡት አይደለም።

አሁን አማራጮቹን ጎን ለጎን እንያቸው

ሲት አፕ። 100 ሲት አፕ አራት አምስት ደቂቃ ይወስዳል። የሚያቃጥለው በግምት 25 ካሎሪ ነው። ይህ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ስኳር ማለት ነው። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ደግሞ 7,700 ካሎሪ ገደማ ይዟል። ስታካፍሉት በቀን 100 ሲት አፕ የሚሠራ ሰው ምግቡን ሳይለውጥ አንድ ኪሎ ስብ ለመጨረስ ከ300 ቀን በላይ ያስፈልገዋል። ያውም ኪሎው ከመላ ሰውነት ነው እንጂ ከሆድ ብቻ አይደለም። ሲት አፕ ከንቱ ነው አላልኩም። የሆድ ጡንቻ ያጠነክራል፤ ዕቃ ስታነሱ ይጠቅማችኋል። ለዚህ ከፈለጋችሁት ምረጡት።

አንድ ማስጠንቀቂያ ለእናቶች። ከወለዱ በኋላ የሆድ ጡንቻ መሃል ለመሃል ተከፍቶ የሚቀርባቸው ሴቶች አሉ። በጀርባ ተኝቶ ጭንቅላትን ቀና ሲያደርጉ ከእምብርት በላይና በታች መሃሉ እንደ ሸንተረር ብቅ ይላል፤ በጣት ሲነካ ስንጥቁ ይታወቃል። ይህ ስብ አይደለም። ሲት አፕ እብጠቱን ሊያባብሰውም ይችላል። እንዲህ ከሆነ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ሌላ ዓይነት እንቅስቃሴ ያሳያችኋል።

ቀበቶና ፌስታል። ቀበቶው ሁለት ነገር ያደርጋል፤ ላብ ያስወጣል፣ ይጨምቃል። ያላበው በመጠጥ ይመለሳል። የተጨመቀው ቀበቶው ሲፈታ ይመለሳል። አራስ ሆዷን በመቀነት የምትታሰረው ወገቧን ስለሚደግፋት ነው፤ ድጋፍነቱን አልክድም። ለሠርግ ቀሚስ ሁለት ሰዓት ቅርፅ ከፈለጋችሁም ይሁን። ስብ ግን በመታሰር አይሟሟም። በሙቀት ላይ ፌስታል ደርቦ ጠንክሮ መሥራት ደግሞ ራስ ያዞራል፤ አንድ ጠዋት የፌስታሉ ሰው ግድግዳ ይዞ ሲቀመጥ አይቻለሁ።

የሚያንቀጠቅጥ ማሽን ላይ ጊዜ አላጠፋም። የሚንቀጠቀጠው ማሽኑ ነው፤ ሥራ የሚሠራ ጡንቻ ከሌለ የሚቃጠል ነገር የለም።

ቦታ ለይቶ ስብ የሚያነሳው ሕክምና ነው፤ ለምሳሌ ቀዶ ሕክምና። ሐኪም በቱቦ ከቆዳ ሥር ያለውን ስብ መጦ ያወጣል። ይህ ለቅርፅ እንጂ ክብደት ለመቀነስ የታሰበ አይደለም። የራሱ አደጋም አለው። ዋናው ጉድለቱ ግን ሌላ ነው፤ ሞራውን አይነካውም።

ሞራ ስል እንግዳ ነገር አይደለም። ሉካንዳ ቤት የተንጠለጠለ ሥጋ ላይ ሁለት ዓይነት ስብ ታያላችሁ። አንዱ ከሥጋው ላይ የተጋደመው ጮማ ነው። ሌላው አንጀቱን እንደ ነጭ መረብ የሸፈነው ሞራ ነው። እኛም ሁለቱም አሉን። በጣት ቆንጥጣችሁ የምትይዙት ሆድ ከቆዳ ሥር ያለው ነው። ሆዱ ገፍቶ ወጥቶ፣ ጠንከር ብሎ፣ ለመቆንጠጥ እምብዛም የማይመች ከሆነ ብዙው ከውስጥ ያለው ሞራ ነው። በድሮ ጊዜ ሞራ ገላጭ የበሬ ሞራ አይቶ መጪውን ይናገር ነበር። የሰው ሞራም ይናገራል፤ ከስኳር በሽታ፣ ከደም ግፊትና ከልብ ሕመም ጋር የሚያያዘው እሱ ነው። ደግነቱ ሞራ ከዳሌ ስብ ይልቅ ትእዛዝ ይሰማል። ሰው መቀነስ ሲጀምር ቶሎ ከሚነሱት አንዱ ነው፤ በተለይ በእግር ጉዞና በሩጫ።

ብረት ማንሳትን ብዙ ሴቶች «ያወፍረኛል» ብለው ይፈሩታል። ለዚህ ጉዳይ ግን ከሲት አፕ በብዙ ይሻላል። ምግብ ቀንሶ ብቻ የሚከሳ ሰው ከስቡ ጋር ጡንቻውንም ያጣል። በሳምንት ሁለት ቀን ቁጭ ብድግ፣ ፑሽ አፕና ብረት የሚሠራ ግን ጡንቻውን ያቆያል፤ የሚያጣው በአብዛኛው ስብ ይሆናል። ሚዛኑ እኩል ቢያሳይም ልብሱ ላይ ልዩነቱ ይታያል።

የቀሩት ጉዞና ምግብ ናቸው። እነሱን በሰው ታሪክ ላሳያችሁ።

የባልደረባዬ 12 ሳምንት

ባልደረባዬ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የምትውል ሴት ናት። ስትጀምር 74 ኪሎ ነበረች፤ ወገቧ 96 ሴንቲ ሜትር። ከዚያ በፊት ስድስት ሳምንት በየማታው ሲት አፕ ሠርታለች። ወገቧ ንቅንቅ አላለም። «ሆዴ ከሥር ድንጋይ ሆኗል፤ ከላይ ግን ያው ነው» አለችኝ። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ ከየትም አልሰማሁም።

ቁጭ ብለን ቀኗን ቆጠርነው። ጅማ ነንና ቡና አለ። በቀን አራት ሲኒ፣ በየሲኒው ሁለት ማንኪያ ስኳር። ቡናው ራሱ ካሎሪ የለውም ማለት ይቻላል፤ ስኳሩ ነው። ወደ አንድ ማንኪያ ስታወርደው በቀን 64 ካሎሪ ቀረ። ከምሳ ጋር የምትጠጣውን አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ተወች፤ 120 ገደማ። ወጥ ላይ ደግሞ ዘይቱን በዓይን ትገምት ነበር። በሾርባ ማንኪያ መለካት ስትጀምር የሷ ድርሻ በቀን በአንድ ማንኪያ ቀነሰ፤ እሱም 120 ገደማ ነው። ድምሩ 300 ሆነ። እንጀራዋን አልነካንም። የጾም ወጥ ዘይት ስለሚበዛበት ሰው ጾሞ የሚወፍረው ለምን እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ።

ጉዞው በሳምንት አምስት ቀን፣ 45 ደቂቃ ነበር። ጠዋት ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በሚወስደው አቀበት ትወጣለች። ሃያ አምስት ደቂቃ ሽቅብ፣ ቀሪውን ቁልቁል። ፍጥነቱ እያወሩ የሚሄዱበት፣ ዘፈን ግን የማያዘፍን ነው። እንዲህ ያለ ጉዞ ለሷ ክብደት ከመቀመጥ በላይ 150 ካሎሪ ያህል ይወስዳል። ሰባት ቀን ላይ ሲካፈል በቀን 100 ገደማ ነው።

ሁለቱ ተደምረው በቀን 400። በሳምንት 2,800። ለ7,700 ስታካፍሉት በሳምንት 360 ግራም ስብ። ስሌቱ በ12 ሳምንት 4 ኪሎ ከምናምን ይሰጣል። የቀነሰችው ግን 3.5 ኪሎ ነው። ልዩነቱ አያስደንቅም። ሰውነት ሲቀል የሚያቃጥለውም ይቀንሳል። ዝናብ የዘነበባቸው፣ ባጃጅ የተያዘባቸው፣ ሰርግ የተበላባቸው ቀኖችም አሉ።

ነገሩ ግልጽ የሆነልኝ በቀነሰችበት ቅደም ተከተል ነው። በአራተኛው ሳምንት ፊቷ ከሳ። ቢሮ ውስጥ ሁሉም ሰው «ምነው፣ አመመሽ እንዴ?» ይላት ጀመር። ቀለበቷ ላላ። ወገቧ ግን ገና 95 ነበር። ልትተወው ደረሰች። «እኔ ሆዴን ስል ፊቴን ይወስደዋል!» ብላ ተናደደች። በስምንተኛው ሳምንት ወገቧ 93 ሆነ። በ12ኛው 91። ዳሌዋ ላይ ያየችው ለውጥ ከሁሉም ያነሰ ነበር። ሲት አፕ ትታ አቀበት በእግሯ ወጥታ ከሆዷ 5 ሴንቲ ሜትር ሄደ።

መቀነሳችሁን በምን ታውቃላችሁ?

በሚዛን ብቻ አይደለም። ክብደት በአንድ ቀን ውስጥ በምግብ፣ በጨውና በውሃ ብቻ አንድ ሁለት ኪሎ ሊወጣና ሊወርድ ይችላል። በአንድ ጠዋት የጠፋ ኪሎ መቼም ስብ ሆኖ አያውቅም።

ሜትር ያስፈልጋችኋል። ሄርማታ ገበያ ልብስ ሰፊዎች አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት ዓይነት። ጠዋት ቁርስ ሳትበሉ ቁሙ። የመጨረሻውን የጎን አጥንት ጫፍ ፈልጉ፤ ከዚያ የዳሌ አጥንትን አናት። የሁለቱን መሃል በጎን በኩል ምልክት አድርጉ። ሜትሩን በዚያ ልክ አዙሩት፤ ቆዳውን ሳያስጨንቅ ይነካ። ሆዳችሁን አትሳቡ። ትንፋሽ በዝግታ አውጡና አንብቡ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሱሪ በሚታጠቅበት በታች ለክቶ በሌላ ቀን ደግሞ እምብርት ላይ ሲለካ ነው። በየሁለት ሳምንቱ አንድ ጊዜ ይበቃል። የዓለም ጤና ድርጅት በሚጠቀምበት መለኪያ ለወንድ ከ94፣ ለሴት ከ80 ሴንቲ ሜትር በላይ የጤና ስጋቱ መጨመር ይጀምራል፤ ከ102 እና ከ88 በላይ በጣም ይጨምራል።

ጠዋት ልክ ሆኖ ማታ የሚነፋ ሆድ ካላችሁ አብዛኛው ጋዝና ምግብ ነው፤ ስብ በቀን ውስጥ አይመጣም አይሄድም። ክንዳችሁና ፊታችሁ እየከሳ ሆዳችሁ ብቻ በፍጥነት እያበጠ ከሄደ ደግሞ ጂም አይደለም የሚያስፈልጋችሁ፤ ሆድ ውስጥ ውሃ መቋጠር ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ቤት ሂዱ። የስኳር መድኃኒት የምትወስዱም ምግብ ከመቀነሳችሁ በፊት ሐኪማችሁን አናግሩ፤ ስኳሩ ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል።

እኔን ብትጠይቁኝ ጊዜያችሁ በሳምንት አራት ሰዓት ብቻ ከሆነ ሦስቱን ለአቀበት፣ አንዱን ለብረት እሰጠው ነበር። ዘይትና ስኳር መለካት ሰዓት አይጠይቅም። ሲት አፕ ከተረፈ ጊዜ ይሠራል። ክረምት ላይ ጭቃው ካላስወጣችሁ የፎቅ ደረጃ መውጣትና መውረድ አቀበቱን ይተካል።

የፌስታሉ ሰው ባለፈው ሳምንት ሜትር ይዞ መጣ። ለካሁት፤ 104። ፌስታሉን አሁንም ታጥቆታል። «ላቡ ከሌለ የሠራሁ አይመስለኝም» አለኝ። እሺ አልኩት፤ በሁለት ሳምንት እንደገና ልንለካ ተቀጣጥረናል።